የ12 ኪሎ ሜትር ጉድጓድ

የእህቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የያዘችው ጥያቄ ሦስት መስመር ብቻ ነው። አንድ ሰው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ድንጋይ ይለቃል። ድንጋዩ ታች ሲያርፍ ያሰማው ድምፅ ከተለቀቀ በ3ኛው ሰከንድ ላይ ጆሮው ይደርሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር የሚጓዝ ከሆነ የጉድጓዱ ጥልቀት ስንት ነው?

«ጋሼ፣ 12,778 ሜትር አገኘሁ፤ ልክ ነው?» አለችኝ።

ልክ አለመሆኑን ለማወቅ ስሌቷን መክፈት አላስፈለገኝም። የሰው ልጅ ወደ መሬት ውስጥ ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ሁሉ በጥልቀቱ የሚታወቀው በሩሲያ ኮላ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የሚገኘው ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 መቆፈር ጀምረው እ.ኤ.አ. በ1989 የደረሱበት ጥልቀት 12,262 ሜትር ነበር። የጉድጓዱ ስፋት 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንድ ስንዝር ቢባል ነው። የእህቴ ልጅ ጉድጓድ ከዚህም በግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ስለ ኮላ ሰምቶ የማያውቅ ተማሪም ቢሆን እዚያው ጥያቄው ውስጥ ባለው ቁጥር ስህተቱን ሊይዝ ይችላል። ድንጋዩ ለመውደቅ ምንም ጊዜ አልፈጀም እንበል፤ 3ቱም ሰከንድ የድምፁ መመለሻ ብቻ ይሁን። ድምፁ በዚያን ያህል ጊዜ የሚጓዘው 3 ጊዜ 340፣ ማለትም 1,020 ሜትር ነው። ድንጋዩ በእውነቱ ጊዜ ስለሚወስድ ጉድጓዱ ከ1,020 ሜትር የግድ ያንሳል። 12 ሺህ ሜትር የሚል መልስ ከዚህ ጣሪያ በላይ ስለሆነ የትም ቦታ፣ ለማንም ሰው ልክ ሊሆን አይችልም።

«ግን ካልኩሌተሩን ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ» አለች። አመንኳት። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የተሳሳተ ፎርሙላ ውስጥ ያንኑ ቁጥር ደግመን ብናስገባ ያው መልስ ይወጣል። አንድን መልስ መፈተን ማለት መጀመሪያ ባልሄድንበት መንገድ ወደ እሱ መምጣት ነው። ለእንቅስቃሴ ጥያቄዎች ሦስት እንደዚህ ዓይነት መንገዶች አሉ። አንደኛው የቁጥሩን መጠን ከምናውቀው ዓለም ጋር ማስተያየት ሲሆን አሁን ያደረግነው እሱን ነው። ሌሎቹ ዩኒቱን መከተልና ፎርሙላውን ወደ ጫፍ ገፍቶ ማየት ናቸው። ሦስቱም በዚች አንዲት ጉድጓድ ላይ ተራ በተራ አስፈለጉን፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ስህተት ያዙ።

ደብተሩን ከማየታችን በፊት ግን አንድ ነገር አስቀድመን እንድንሠራ ጠየቅኳት። መልሱ ስንት አካባቢ ሊሆን እንደሚችል በግምት እንፈልግ። ድምፁን ለጊዜው እንርሳውና ድንጋዩ 3ቱን ሰከንድ ሙሉ ወደቀ እንበል። የመሬት ስበት የድንጋዩን ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምረዋል፤ በትምህርት ቤት አክስለሬሽን የምንለው ይሄ ነው። ስለዚህ ከ3 ሰከንድ በኋላ ድንጋዩ በሰከንድ 29.4 ሜትር እየበረረ ነው፤ በመኪና ቋንቋ በሰዓት 106 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲነሳ ፍጥነቱ ዜሮ ነበር፣ ሲጨርስ 29.4 ሆነ፤ የጨመረው ደግሞ በእኩል እርከን ስለሆነ አማካዩ 14.7 ነው። 14.7 በ3 ሲባዛ 44.1 ሜትር ይሆናል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴን ቆሞ ያየ ሰው ይህን ከፍታ በዓይኑ ያውቀዋል፤ የፏፏቴው ከፍታ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አሁን ድምፁን እንመልሰው። 44 ሜትርን ለመውጣት ድምፁ 0.13 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ድንጋዩ የወደቀው 3 ሰከንድ ሙሉ ሳይሆን ከዚያ 0.13 ሰከንድ ቀንሶ ነው። በመጨረሻዋ ቅጽበት ፍጥነቱ በሰከንድ 29 ሜትር አካባቢ ስለነበር፣ በዚያች 0.13 ሰከንድ ሊሄድ ይችል የነበረውን 4 ሜትር ያህል አልሄደም። 44 ሲቀነስ 4፣ 40 ሜትር። መልሱ እዚህ አካባቢ መሆን አለበት። ከ44.1 ደግሞ ሊበልጥ አይችልም፤ ድምፁ ጊዜ በወሰደ ቁጥር ጉድጓዱ ያጥራል እንጂ አይረዝምም። ይቺን 44.1 ደብተሩ ጥግ ላይ ጽፋ እንድታከብባት አደረግሁ። በኋላ አስፈልጋናለች።

ከዚህ በኋላ ወደ ስሌቷ ገባን። አነሳሷ ደህና ነበር። ጥልቀቱን h፣ የመሬት ስበቱን g፣ የድምፁን ፍጥነት c፣ ጠቅላላውን ጊዜ t ብላ የመውደቂያውንና የድምፁን ጊዜ ደምራለች፦

√(2h/g) + h/c = t

ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ለማስወገድ ሁለቱንም ጎን በራሱ አባዝታ፣ ኳድራቲክ እኩልዮሽ ላይ ደርሳ፣ እሱን ፈትታ የመጨረሻውን መስመር እንዲህ ጽፋለች፦

h = c²/g + ct − (1/g)√(c² + 2cgt)

ቁጥር ያስገባችው እዚህ መስመር ላይ ደርሳ መሆኑ ጠቀመን። ብዙ ተማሪዎች ገና ከመጀመሪያው መስመር 340ን እና 9.8ን አስገብተው በቁጥር ብቻ ይቀጥላሉ። 12,815.9 የሚል ቁጥር ሜትር ይሁን ሰከንድ መልኩ አይናገርም። c²/g ግን ይናገራል። ፊደሎቹን እስከ መጨረሻው መጠበቅ ከሥርዓት ወዳድነት የመጣ ምክር ይመስላል እንጂ ዋናው ጥቅሙ ስህተቱን በኋላ ተመልሶ ለማግኘት ነው።

በግራ በኩል ያለው h ጥልቀት ነው፤ ዩኒቱ ሜትር ነው። ስለዚህ በቀኝ በኩል ያሉት ሦስት ቁራጮች ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ ሜትር መሆን አለባቸው። ሜትርን ከሰከንድ ጋር መደመር ከአንድ ኩንታል ጤፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቀንሱልኝ እንደማለት ነው። ይህን ደንብ በግልጽ ጽፎ እንደ መፈተኛ የተጠቀመበት ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉርዬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው ስለ ሙቀት በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ።

የመጀመሪያውን ቁራጭ እንየው። c ሜትር በሰከንድ ነው፤ በራሱ ሲባዛ ሜትር ካሬ በሰከንድ ካሬ ይሆናል። g ደግሞ ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ሲካፈሉ የሰከንዱ ካሬ ከላይም ከታችም ይጠፋና አንድ ሜትር ይቀራል። ደህና። ሁለተኛው ቁራጭ ct ፍጥነት በጊዜ ሲባዛ ነው፤ ሜትር። እሱም ደህና።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆምን። ከስኩዌር ሩቱ ውስጥ c² አለ፤ የፍጥነት ካሬ ነው። ከጎኑ 2cgt አለ። g በt ሲባዛ ፍጥነት ነው፤ የመሬት ስበት በየሰከንዱ የጨመረው ፍጥነት በሰከንዶቹ ብዛት ሲባዛ ማለት ነውና። ያ በc ሲባዛ እንደገና የፍጥነት ካሬ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ መደመር ይችላሉ፤ ስኩዌር ሩታቸው ንጹሕ ፍጥነት ነው። ነገር ግን ከፊቱ የቆመው 1/g ነው። ፍጥነት በg ሲካፈል የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ በሰከንድ 29.4 ሜትር የሚበርን ነገር በ9.8 ብናካፍለው 3 ሰከንድ እናገኛለን። እንግዲህ የእህቴ ልጅ መስመር የሚለው ሜትር ሲደመር ሜትር ሲቀነስ ሰከንድ ነው።

ስህተቱ እንዳለ ብቻ ሳይሆን የት እንዳለም ታወቀ። ሦስተኛው ቁራጭ ሜትር እንዲሆን አንድ ፍጥነት ጎድሎታል፤ በጥያቄው ውስጥ ካሉት መጠኖች ፍጥነት የሆነው ደግሞ c ብቻ ነው። ወደ ላይ ሁለት መስመር ተመልሳ ስትፈልግ c ከስኩዌር ሩቱ ሲወጣ በችኮላ የተረሳበትን ቦታ አገኘችው። ትክክለኛው መስመር ይህ ነው፦

h = c²/g + ct − (c/g)√(c² + 2cgt)

ዩኒትን መከተል የማያየው ነገርም አለ፤ ይህን ካልተናገርኩ ግማሽ እውነት ይሆናል። ቁጥሮች ዩኒት የላቸውም። ድንጋይ በt ጊዜ የሚወድቀውን ርቀት ½gt² በማለት ፈንታ gt² ብሎ የጻፈ ተማሪ ዩኒቱ ሜትር ሆኖ ይወጣለታል፤ ቁጥሩ ግን 44.1 ሳይሆን 88.2 ይሆናል። እሱን የሚይዘው ሌላ ጥያቄ ነው። የድንጋዩ የመጨረሻ ፍጥነት በሰከንድ 29.4 ሜትር ነው፤ በዚያ ፍጥነት 3 ሰከንድ ሙሉ ቢበር እንኳ የሚሄደው 88.2 ነው። ድንጋዩ ግን ከዜሮ ነው የተነሳው፤ ስለዚህ 88.2 ላይ ሊደርስ አይችልም። ዩኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ስህተትንም አያይም፤ የእህቴ ልጅም ቀጥሎ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

ኳድራቲክ እኩልዮሽ ሁለት መልስ አለው። በስኩዌር ሩቱ ፊት መቀነስ ሊሆን ይችላል፣ መደመርም ሊሆን ይችላል። «መምህራችን ‹ኔጌቲቩን መልስ ጣሉት› ይሉናል፤ እዚህ ግን ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው» አለች። እውነቷን ነው። በመቀነስ 40.65 ሜትር ይወጣል፤ በመደመር 25,591 ሜትር። ኔጌቲቭ የሆነ መልስ ስለሌለ የሚጣለውን ምልክቱ አይነግረንም።

እዚህ ላይ ፎርሙላውን ወደ ጫፍ መግፋት ይረዳል። አንድ ጊዜ ጉድጓዱን እንተወውና ድምፁ ወዲያውኑ ቢሰማስ ብለን እንጠይቅ። t ዜሮ ቢሆን ማለት ነው። ድንጋዩን እንደለቀቅነው ‹ጧ› ካለ ጉድጓድ የለም፤ h ዜሮ መሆን አለበት። ለዚህ ፊዚክስ መማርም አያስፈልግም። በመስመሩ ውስጥ tን ዜሮ ስናደርግ ct ይጠፋል፣ ከስኩዌር ሩቱ ውስጥ c² ብቻ ይቀራል፣ ሩቱም c ይሆናል። በመቀነስ c²/g ሲቀነስ c²/g፣ ዜሮ። በመደመር ግን ሁለት ጊዜ c²/g፣ ከ23 ኪሎ ሜትር በላይ። የመደመሩ መስመር ድምፁ ወዲያው ከተሰማ ጉድጓዱ 23 ኪሎ ሜትር ይጠልቃል የሚል ነው። ተጣለ።

ይህ ሁለተኛ መልስ ግን ከየት መጣ? አንዳንድ መማሪያዎች ሳያስረዱ ያልፉታል፤ እኔ ግን ተማሪው ማወቅ አለበት እላለሁ። 25,591 ሜትርን ለመውጣት ድምፁ 75.3 ሰከንድ ይፈልጋል። እኛ የጠበቅነው 3 ብቻ ነው። ስለዚህ ለድንጋዩ መውደቂያ የሚቀረው 3 ሲቀነስ 75.3፣ ኔጌቲቭ 72.3 ሰከንድ ይሆናል። ጊዜው በራሱ ሲባዛ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል፤ በእኩልዮሹም ዓይን 72.3ም ኔጌቲቭ 72.3ም አንድ ናቸው። ሁለቱንም ጎን በራሱ ባባዛንባት መስመር ላይ ያልጠራነው እንግዳ በጓሮ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ በራስ ማባዛት ባለበት ስሌት ሁሉ መልሱን ወደ መጀመሪያው መስመር መልሶ ማስገባት ግዴታ ነው። 40.65 ሲገባ መውደቂያው 2.88 ሰከንድ፣ ድምፁ 0.12 ሰከንድ፣ ድምሩ 3.00። እሱ የጥያቄው ባለቤት ነው።

ጫፍ ላይ መፈተን በራሱ ያለቀ ነገር አይደለም። ይህን ለማሳየት ሆን ብዬ መስመሯ ላይ አንድ ስህተት ተከልኩ። ከስኩዌር ሩቱ ውስጥ ያለውን 2 አጥፍቼ c² + cgt ብዬ ጻፍኩና «ይህን ፈትኚው» አልኳት። ዩኒቱ ልክ ነው፤ 2 ቁጥር ብቻ ነውና። t ዜሮ ሲሆን h ዜሮ ነው፤ ይህም ልክ ነው። 3 ሰከንድ ስናስገባ ግን 521 ሜትር ይላል። ግምታችን 40 አካባቢ ስለነበር ቁጥሩ ወዲያው አጋለጠው። ግምቱን ባንሠራ ኖሮስ?

ያኔ የሚረዳው ፎርሙላው ወደ ዜሮ መድረሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚደርስ ማየት ነው። የሚወድቅ ነገር በእጥፍ ጊዜ የሚሄደው በአራት እጥፍ ርቀት ነው፤ ጊዜውን በግማሽ ብንቀንሰው ርቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ድምፁ ትንሽ ያዛባዋል እንጂ ጠባዩን አይለውጠውም። በትክክለኛው መስመር 3 ሰከንድን ወደ 1.5 ሰከንድ ስናወርደው 40.65 ወደ 10.57 ይወርዳል፤ ሩብ ገደማ። እኔ ባበላሸሁት መስመር ግን 521 የወረደው ወደ 258 ነው፤ ግማሽ ገደማ። በግማሽ ጊዜ ግማሽ መንገድ የሚሄድ ነገር ፍጥነቱ አይጨምርም፤ እንደ ድምፁ በአንድ ፍጥነት የሚጓዝ ነው። መስመሩ ድንጋዩ የሚወድቅ መሆኑን ረስቷል። ከአንድ የጠፋ 2 የተነሳ።

ሌላውን ጫፍም አየን። ድምፅ እጅግ ፈጣን ቢሆን፣ እንደ ብርሃን ወዲያው ቢደርስ፣ መልሱ ከደብተሩ ጥግ ወደተከበበው 44.1 መምጣት አለበት። ድምፁን አሥር እጥፍ አድርገን በሰከንድ 3,400 ሜትር ስናስገባ 43.7 ወጣ። እየቀረበ ነው፤ የቀረበውም ከታች ነው፣ እንደጠበቅነው።

መስመሩ እንዲህ ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ነው ያላሰብኩት ነገር የተፈጠረው። የእህቴ ልጅ ቁጥሮቹን ራሷ እንደገና አስልታ 48.6 ሜትር አገኘች። ፎርሙላው ትክክል፣ ዩኒቱ ትክክል፣ ጫፎቹ ትክክል፣ 48.6ም ለጉድጓድ ጥልቀት የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም። በፈተና ወረቀት ላይ ብታየው ማንም አይጠረጥረውም። እሷ ግን ደብተሩ ጥግ ያለውን 44.1 አየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከዚህ ሊበልጥ አይችልም ብለን ነበር» አለች።

ምን ሆነ? ስኩዌር ሩቱ 368.228 ነው፤ እሷ «368» ብላ ነጥቡን ቆርጣ ጻፈችው። ከሺህ አንድ እንኳ የማይሞላ ቅናሽ ነው፤ በሌላ ስሌት ማንም አይጨነቅበትም። እዚህ ግን ከሩቱ ፊት 340/9.8 አለ፤ 34.7 ገደማ ነው። የተቆረጠችው 0.228 በዚህ ስትባዛ 8 ሜትር ትሆናለች። የሁለቱን ጎን ቁጥሮች ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፦ 12,815.9 ሲቀነስ 12,775.3። ሁለት ግዙፍ ቁጥሮች ተቀናንሰው ትንሽ ልዩነት ነው የምንፈልገው። ግመልን ጭኖ ይመዝኑና ሳይጭን ይመዝኑ፣ ከልዩነቱ የቡና ስኒዋን ክብደት ለማወቅ እንደመሞከር ነው። ሚዛኑ በግመሉ ላይ ትንሽ ቢሳሳት ስኒዋ ትጠፋለች።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ወይ ሁሉንም የነጥብ ቁጥሮች እስከ መጨረሻው በካልኩሌተሩ ውስጥ መያዝ፣ ወይ መጀመሪያ በግምት እንደሠራነው ከ44.1 ተነስቶ ማረም ነው። ሁለተኛው መንገድ በሁለት ዙር ብቻ ያደርሳል። 40 ሜትር ካልን ድምፁ 0.118 ሰከንድ ይወስዳል፤ ለመውደቅ 2.882 ሰከንድ ይቀራል፤ በዚያ ጊዜ የሚወድቀው 40.7 ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ደግመን ብናደርገው 40.65 ላይ ይረጋል። ትልልቅ ቁጥሮች አይቀናነሱበትም፣ ስኩዌር ሩትም የለውም።

በዚህ ሁሉ ድካም 40.65 ላይ ስንደርስ እሷ ከመልሱ በታች ሁለት መስመር ልታሰምር ስትል እጇን ያዝኩት። አንድ የመጠን ጥያቄ ቀርቶናል፤ ይህኛው ስለ መልሱ ሳይሆን ስለ ነጥቡ ነው። ሦስቱን ሰከንድ ማን ለካ? ሰው ከሆነ፣ በስልኩ ሰዓት ቆጣሪ ከሆነ፣ ድምፁን ሰምቶ ጣቱን እስኪጫን ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚያ ጥልቀት ድንጋዩ በሰከንድ 28 ሜትር እየበረረ ነው፤ የ0.2 ሰከንድ መዘግየት በጥልቀቱ ላይ 5 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ለድምፁ ብለን የቀነስነው ደግሞ 3.5 ሜትር ነው። ኳድራቲክ እኩልዮሽ ፈትተን ያስተካከልነው ነገር ከጣታችን መዘግየት ያነሰ ነው ማለት ነው።

የአየሩ ግጭትም አለ። ጭብጥ የሚሞላ ድንጋይ ከሆነ በ3 ሰከንድ ውስጥ አየሩ የሚይዘው አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ቡሽ ወይም ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ ከተለቀቀ ግን ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም። የድምፁ ፍጥነት ከቦታ ቦታ ይለያያል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ብዙዎች በዚህ ምክንያት ድምፅ የሚዘገይ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የድምፅን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። 340 ለ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚሆን ነው፤ 20 ዲግሪ ሲሆን 343 ይደርሳል። ጥልቀቱ ላይ ያለው ለውጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ተውነው።

መጽሐፉ ላይ «3 ሰከንድ» ከተባለ እንግዲህ ልክ 3.00 ነው ብለን 40.7 ብለን እንጽፋለን፤ አራሚው የሚፈልገው እሱን ነው። እውነተኛ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመን በስልክ ከለካን ግን የምንለው «ከ35 እስከ 41 ሜትር» ነው። ወደ ታች ያዘነበለው በምክንያት ነው፤ ጣታችን የሚዘገይ እንጂ የሚቀድም ስላልሆነ የለካነው ጊዜ ከእውነተኛው ይረዝማል፣ ጉድጓዱንም ጠልቆ ያሳየናል፤ አየሩም እንዲሁ።

የእህቴ ልጅ ይህን ከደብተሯ ሥር ጽፋ ጨረሰችና «እና ገመድ ብንገዛ ስንት ሜትር ነው የምንገዛው?» አለች። ባልዲው ከውኃው ውስጥ እንዲሰምጥና ከላይም ለእጅ መያዣ እንዲተርፍ 45 ይበቃል አልኳት።